የፈተና ሰሞን እንቅልፍ፦ የተዛባውን የመኝታ ሰዓት በሁለት ሳምንት ማስተካከል

ባሕር ዳር፦ የማጠቃለያ ፈተና በተቃረበ ቁጥር በዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ማደሪያ መብራት ሳይጠፋ ያድራል። ተማሪው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲያነብ ይቆይና ፀሐይ ወጥታ ከረፈደ በኋላ፣ 5 ሰዓት ገደማ ይነሳል። ቁርስ ያልፈዋል፤ የጠዋት ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል። ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ይህን ልማድ ተሸክሞ መዝለቅ ይቻል ይኾናል። ፈተናው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል የሚጀመር ሲኾን ግን ችግሩ ይገለጣል። ተማሪው በዚያ ሰዓት በአዳራሹ ቢቀመጥም ለሰውነቱ ገና አልነጋለትም። ያነበበውን ያውቀዋል፤ ሲፈልገው ግን ቶሎ አይመጣለትም።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና መውሰድ ግዴታቸው ኾኗል። የአራትና የአምስት ዓመት ድካም ውጤት በአንድ ቀን የጥቂት ሰዓታት ፈተና ላይ ሲያርፍ፣ በዚያ ቀን አእምሮ ነቅቶ መገኘቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ ገበሬም ኾነ ደመወዙን የሚቆጥብ የከተማ ነዋሪ፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያጠና ሲሰማ ደስ ይለዋል። ኾኖም ሌሊቱን ሙሉ ማጥናቱ ራሱ ውጤቱን ሊጎዳው እንደሚችል ብዙ ወላጅ አያውቅም።

ብዙ ተማሪዎች ችግሩን የሚያስታውሱት በፈተናው ዋዜማ ነው። «ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ» ብለው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋ ላይ ይወጣሉ፤ እንቅልፍ ግን አይመጣም። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲገላበጡ ቆይተው ማልደው ይነሳሉ። ይህ የፈቃድ ማነስ አይደለም። ሰው በሚፈልገው ሰዓት መነሳት ይችላል፤ በሚፈልገው ሰዓት እንቅልፍ እንዲወስደው ግን ራሱን ማዘዝ አይችልም። ስለዚህ የተዛባ እንቅልፍ የሚስተካከለው ከመኝታ ሰዓት ተጀምሮ ሳይኾን ከመነሻ ሰዓት ተጀምሮ ነው። መነሻው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወደፊት ሲመጣ መኝታው ይከተላል። ለዚህም ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል።

ሁለት ሳምንት መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ በሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በአውሮፓውያኑ 2019 ይፋ ያደረጉት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የኬሚስትሪ ትምህርት የሚወስዱ ወደ 90 የሚጠጉ ተማሪዎች እንቅልፋቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ በእጃቸው ላይ አስረው ከረሙ። ውጤታቸው ከእንቅልፋቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ብቻ ብዙ ወይም ጥቂት መተኛት ከውጤቱ ጋር የጎላ ዝምድና አልታየበትም። ከውጤቱ ጋር የተዛመደው ከፈተናው በፊት በነበሩት ሳምንታት የነበረው እንቅልፍ ርዝመት፣ ጥራትና መደበኛነት ነው። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ጥናት ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ በአግባቡ የሚተኛ ተማሪ በሌላውም ነገር ሥርዓት ያለው ሊኾን ይችላል። ቢኾንም የተማርነው ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በተማርንበት ዕለት በሚከተለው እንቅልፍ ስለኾነ፣ ግኝቱ ስለ እንቅልፍ ከሚታወቀው ጋር ይስማማል።

ሰውነት የሚቆጥረው ሰዓት

በአንጎላችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ፣ የቀኑን ዑደት የሚቆጥር ጥቂት የሕዋሳት ክምችት አለ። የሰውነት ሰዓት የሚባለው ይህ ነው። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በ2017 እ.ኤ.አ የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይህ ሰዓት የሰውነት ሙቀት መቼ እንደሚወርድ፣ እንቅልፍን የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር መቼ እንደሚመነጭ፣ ንቃት መቼ እንደሚመለስ ይወስናል።

የሰውነት ሰዓት በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ይረዝማል። በመኾኑም በየቀኑ ካልተስተካከለ ወደ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል። በሃያዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ ደግሞ ይህ የመዘግየት ዝንባሌ ከየትኛውም የሕይወት ዘመን ይበልጣል። ወጣቱ አምሽቶ መተኛቱ ስንፍና ብቻ እንዳልኾነ ወላጆች ቢገነዘቡት መልካም ነው።

ሰዓቱን በየቀኑ የሚያስተካክለው ዋናው ነገር በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው። ገበሬው ጎሕ ሲቀድ ከቤት ይወጣል፤ ቀኑን ሜዳ ላይ ይውላል፤ ሲጨልም ይገባል። ሳያስበው የሰውነቱን ሰዓት በየማለዳው ያስተካክላል። ተማሪው በተቃራኒው ማለዳውን በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ሌሊቱን በመብራትና በስልክ ብርሃን ሥር ያሳልፋል። የገበሬው ልጅ ከቤቱ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የመኝታ ሰዓቱ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። ብርሃን ሰዓቱን የሚገፋበት አቅጣጫ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። የሰውነት ሙቀት ሌሊት እየወረደ ሄዶ ከለመድነው የመነሻ ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ነጥብ በኋላ የሚታይ ብርሃን ሰዓቱን ወደ ማለዳ ያመጣዋል፤ ከዚያ በፊት የሚታይ ብርሃን ግን ይበልጥ ያዘገየዋል። ረፋድ 5 ሰዓት መነሳት የለመደ ተማሪ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ የሚደርሰው ከጠዋቱ 2 እና 3 ሰዓት መካከል ነው። ይህ ተማሪ በአንድ ጊዜ ቆርጦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢነሳና ፀሐይ ላይ ቢቆም፣ ለሰውነቱ ያ ብርሃን የምሽት ብርሃን ነው። ሰዓቱ ወደፊት ሳይኾን ወደ ኋላ ይሸሻል። «ለሦስት ቀን በማለዳ ተነሳሁ፤ ማታ ግን ይባስ ብሎ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚሉ ተማሪዎች የገጠማቸው ይህ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ አድሮ በማግስቱ በጊዜ መተኛትም መፍትሔ ተደርጎ ይወሰዳል። በማግስቱ ምሽት እንቅልፍ መምጣቱ አይቀርም፤ የመጣው ግን በድካም ብዛት ነው። ሰዓቱ ከቦታው ስላልተነቃነቀ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ተማሪው ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይመለሳል።

በየቀኑ ግማሽ ሰዓት

አንድ ተማሪ በምሳሌነት እንውሰድ። ፈተናው ሊጀመር 14 ቀን ቀርቶታል። ማንም ሳይቀሰቅሰው ሲቀር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኝቶ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይነሳል። መድረስ የሚፈልገው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተኝቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወደ መነሳት ነው። ይህ ሰባት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ይሰጠዋል፤ ለዚህ ዕድሜ የሚመከረው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድሞ መነሳቱም ለቁርስ፣ ለእግር ጉዞና የማለዳው ፍዘት እስኪለቅ ጊዜ ይሰጠዋል።

የመነሻ ሰዓቱ መቅደም ያለበት በአምስት ሰዓት ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢቀንስ በአሥር ቀን ይደርሳል፤ አራት ቀን ይተርፈዋል። የሰውነት ሰዓት በቀን እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ሊንቀሳቀስ ቢችልም፣ በማደሪያ ክፍል ጫጫታና በፈተና ጭንቀት መካከል ግማሽ ሰዓት አስተማማኝ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ደወሉን ለረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ይሞላል። በሁለተኛው ቀን ለ4 ሰዓት፣ በሦስተኛው ለ3 ሰዓት ተኩል፣ በአራተኛው ለ3 ሰዓት ያደርገዋል። በዚያ ምሽት እንቅልፉ ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ መምጣት ይጀምራል። በስድስተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በስምንተኛው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሳል፤ በዚያ ምሽት 5 ሰዓት ሲኾን ዓይኑ ይከብዳል። በዘጠነኛው ቀን 12 ሰዓት ተኩል፣ በአሥረኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ድረስ አይለውጠውም። ቅዳሜና እሑድም እንደ ሌላው ቀን ይቆጠራሉ። እሑድ ሦስት ሰዓት አርፍዶ መነሳት የስድስት ቀን ድካምን በአብዛኛው ይመልሰዋልና።

ዕቅዱን የሚያንቀሳቅሰው ደወሉ ብቻ አይደለም። ተማሪው ከተነሳ በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከክፍሉ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ መቆየት አለበት። መራመድ፣ ልብስ ማጠብ፣ ወደ ካፌ መሄድ ወይም ደረጃ ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ማንበብ ይችላል። ፀሐይን ትክ ብሎ ማየት አያስፈልግም፤ ለዓይንም አደገኛ ነው። ሰማዩ በደመና የተሸፈነ የክረምት ማለዳ ቢኾን እንኳን የደጁ ብርሃን ከክፍል መብራት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በመስኮት አጠገብ መቀመጥ ደጅ የመውጣትን ያህል አይጠቅምም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ከደወሉ በፊት በመስኮት የሚገባው ብርሃን ቀደም ሲል ባነሳነው ምክንያት ጎጂ ስለኾነ፣ ዓይንን በሻሽ ወይም በነጠላ ሸፍኖ መተኛት ተገቢ ነው።

በየማለዳው የጠዋት ክፍል ያለውና ትምህርቱን የማያስቀር ተማሪ ሰዓቱ ይህን ያህል አይዘገይም። ማስተካከል የሚኖርበት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ሊኾን ስለሚችል ዕቅዱን ወደ አምስትና ስድስት ቀን አሳጥሮ የቀሩትን ቀናት ለማጽናት ይጠቀምባቸዋል። መነሻው ምን ያህል እንደኾነ ለማወቅ ዕቅዱ ከመጀመሩ በፊት ደወል በሌለባቸው ሁለት ሦስት ቀናት የተነሳበትን ሰዓት በወረቀት መመዝገብ በቂ ነው።

ምሽቱ፣ ቡናውና ጫቱ

የምሽት ብርሃን ሰዓቱን ስለሚያዘገይ ከታሰበው የመኝታ ሰዓት በፊት ባለው አንድ ሰዓት ተኩል መብራቱን መቀነስ ያሻል። ይህ ለብቻው ክፍል ላለው ሰው ቀላል ነው። በተደራራቢ አልጋ ብዙ ኾነው በሚያድሩበት ክፍል ግን የአንዱ ሌሊት የሌላው ቀን ነው። ከታችኛው አልጋ የሚተኛ ተማሪ አንሶላ በጎኑ ማንጠልጠል ይችላል። የላይኛው ተማሪ ዓይኑን ከመሸፈን በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። ከሁሉ የሚሻለው የክፍሉ ልጆች ተነጋግረው ከ5 ሰዓት በኋላ ማንበብ የሚፈልግ ወደ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ማንበቢያ ክፍል እንዲሄድ ቢስማሙ ነው። ስልክን በሚመለከት፣ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ ጥቂት ይረዳል፤ ይበልጥ እንቅልፍ የሚነሳው ግን በውስጡ የሚታየው ነገር ነው። የፈተና ወሬ የሚናፈስበትን የቴሌግራም ቡድን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መክፈት ለማንም እንቅልፍ አምጥቶ አያውቅም። ስልኩን የማንቂያ ደወል አድርጎ የሚጠቀም ተማሪ እጁ ከማይደርስበት ቦታ ቢያስቀምጠው ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ ማታ አይነካካውም፤ ጠዋትም ደወሉን ለማጥፋት ከአልጋው መውረድ ይኖርበታል።

ቡና በቤታችን የእንግድነትና የፍቅር መገለጫ ስለኾነ «አትጠጡ» የሚል ምክር የሚሰማ የለም፤ አስፈላጊም አይደለም። ጉዳዩ ሰዓቱ ነው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌይን እንኳን ከእንቅልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። በመኾኑም የመጨረሻው ስኒ ከመኝታ ስምንት ሰዓት ቀደም ቢል ይመረጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ለሚተኛ ሰው ይህ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ሻይም፣ ጥቁር ለስላሳ መጠጦችም፣ ኃይል ሰጪ ተብለው በጣሳ የሚሸጡትም ካፌይን አላቸው።

ጫት ከዚህ የከበደ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍን ያርቃል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ የሚቅም ተማሪ ሌሊት የሚነቃው አንብቦ ስላልጨረሰ ሳይኾን ንጥረ ነገሩ ስለማያስተኛው ነው። እየቃሙ ይህን ዕቅድ መከተል አይቻልም ማለት ይቻላል። ለማቆም የወሰነ ተማሪ ግን ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ መነጫነጭ፣ ድብርትና ቅዠት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ማቆሚያው የዕቅዱ የመጀመሪያ ቀን ወይም ከዚያ ቀደም ያለ ቀን መኾን አለበት። የፈተናው ሳምንት ላይ ማቆም ድካሙን ፈተናው ላይ ያሳርፈዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቀን እንቅልፍ ይመጣል፤ የሚጠበቅ ነው። ከምሳ በኋላ፣ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ሃያ ደቂቃ ሸለብ ማድረግ ይቻላል። ደወል ሳይሞሉ መተኛት ግን ሁለት ሰዓት ይወስድና የሌሊቱን እንቅልፍ ከወዲሁ ይበላዋል። እንቅልፍን ለማባረር እግርን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ማጥናት በተማሪዎች ዘንድ የቆየ ዘዴ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ያነቃ ይኾናል፤ ያነበቡትን በአእምሮ ለማደላደል የሚያስፈልገውን እንቅልፍ ግን አይተካም።

የጥናት ሰዓቱስ?

ተማሪዎች በዚህ ዕቅድ ላይ የሚያነሱት ዋናው ሥጋት «ሌሊቱ ከተወሰደብኝ መቼ ላጥና?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምሳሌ ያደረግነው ተማሪ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አራት ሰዓት ያነብ ነበር። ዕቅዱ ሲጠናቀቅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሳል፤ ደጅ ወጥቶ፣ ቁርሱን በልቶ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ያነባል። ምሽት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ሁለት ሰዓት ይጨምራል። የጠፋበት ሰዓት የለም፤ ቦታው ነው የተለወጠው። ቀድሞ ይተኛበት የነበረው ረፋድ ተመልሶለታል።

የከበደውን ትምህርት፣ ስሌት ወይም አዲስ ምዕራፍ፣ ለጠዋት ማድረግ፣ ክለሳውን ለምሽት መተው ይመከራል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ግን የጠዋቱ ንባብ ፍሬ አልባ መስሎ ይታያል፤ ገጹ ይገለጣል፣ ነገሩ አይገባም። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ሌሊቱ የሚመለሱት በእነዚህ ቀናት ነው። በእነዚህ ቀናት ጠዋት ላይ ከማንበብ ይልቅ በእጅ የሚሠራ ነገር፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን መሥራት ወይም ማስታወሻ መገልበጥ ይሻላል።

ዕቅዱ መሥራቱ የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው። ምሽት ላይ እንቅልፉ ሳይጠሩት ይመጣል፤ አልጋ ላይ በወጡ በሃያ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ይወስዳል፤ ጠዋት ላይ አንዳንዴ ከደወሉ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ያነቃል። በተቃራኒው ለተከታታይ ሦስት ሌሊት አልጋ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ መገላበጥ ካለ፣ ደወሉ ከሰውነት ሰዓት ፈጥኗል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የደረሱበትን መነሻ ሰዓት ለሁለት ቀን ሳይለውጡ ማቆየት፣ ከዚያ በግማሽ ሰዓት መቀጠል ነው። አራቱ ትርፍ ቀናት የተቀመጡት ለዚህም ጭምር ነው። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው አልጋ ላይ ሰዓት እየቆጠረ መቆየት የለበትም። ተነስቶ በደብዛዛ ብርሃን ቀለል ያለ ነገር ሠርቶ፣ ዓይኑ ሲከብድ ይመለሳል።

መደናቀፍም አይቀርም። ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት የሚጀምር የአውሮፓ እግር ኳስ ጨዋታ፣ የታመመ ጓደኛ፣ በአቅራቢያው ያለ ሠርግ አንድ ሌሊት ያበላሻል። በማግስቱ የተለመደው ደወል ላይ መነሳት፣ ካልኾነም ከአንድ ሰዓት በላይ አለማርፈድ ያስፈልጋል። ያመለጠውን ለማካካስ በአንድ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል መዝለል ግን ሌላ ስህተት ይጨምራል።

ይህ ዕቅድ የማይመለከታቸውም አሉ። እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ኾኖ ሦስት ወር የዘለቀ፣ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ የበረታበት፣ ሲተኛ ከፍ ባለ ድምፅ እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ወይም ለቀናት ጥቂት ብቻ ተኝቶ ድካም ሳይሰማው ሐሳቡና ንግግሩ የሚፈጥን ተማሪ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ አለበት። በተለይ የመጨረሻው ምልክት በቤተሰብ ዘንድ እንደ ብርታት ሊታይ ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻዋል። የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥም አይገባም። ማግስቱን ሊያፈዝ ይችላል፤ የሰውነትን ሰዓትም አያስተካክልም።

ቤተሰብ በሩቅ ኾኖም ማገዝ ይችላል። ብዙ ወላጆች ከሥራ ከተመለሱና እራት ከበሉ በኋላ ማምሻውን ይደውላሉ፤ የቤት ችግርም የሚነገረው በዚያው ጥሪ ነው። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ስልኩ ወደ ማለዳ ቢዞር ይመረጣል። እናት ወይም አባት ከብቱን ከማሰማራታቸው በፊት ደውለው «ልጄ፣ ነቃህ ወይ? ደጅ ወጣህ ወይ?» ቢሉ ከማንኛውም ደወል ይሻላል። ለፈተናው ዝግጅት ወደ ቤት የተመለሰ ተማሪ ካለም፣ ሌሊት ስላነበበ ይተኛ ብሎ በሩን ከመዝጋት ይልቅ በተስማሙበት ሰዓት ቀስቅሶ ቁርሱን በረንዳ ላይ ማቅረብ ይበጃል።

ከአሥራ አንደኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ያለው ጊዜ አዲሱ ሰዓት የሚጸናበት ነው። በእነዚህ ቀናት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፈተናው በሚጀመርበት ሰዓት፣ በወንበር ተቀምጦ ስልኩን አጥፍቶ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በተሰጣቸው ጊዜ መሥራት ተገቢ ነው። አእምሮ በዚያ ሰዓት መነቃቱን የሚያሳየው ይህ ነው። ቁርስም በፈተናው ቀን በሚበላበት ሰዓት ይበላል፤ የሚጾም ተማሪም ከአልጋ የሚነሳበትንና ደጅ የሚወጣበትን ሰዓት አይለውጥም።

በፈተናው ዋዜማ ከተለመደው ቀድሞ አልጋ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል የለመደ ሰው በ3 ሰዓት ቢተኛ እንቅልፍ ስለማይወስደው ይጨነቃል። ቦርሳው፣ መታወቂያው፣ እስክሪብቶው ቀን ላይ ይዘጋጃል። ያም ኾኖ ጭንቀቱ በርትቶ በዚያች ሌሊት አራት ወይም አምስት ሰዓት ብቻ ቢተኛ፣ ያለፉት አሥራ ሦስት ሌሊቶች እንቅልፍ አብሮት አለ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሳል፤ ደጅ ይወጣል፤ ቡናውን እንደ ወትሮው ይጠጣል፤ መጠኑን አይጨምርም። ከዚያ ወደ ፈተናው አዳራሽ ይሄዳል።